ማስታወቂያ ያልወጣለት ሥራ እና አንድ ኢሜይል

(ለወጣት ሲቪል መሐንዲሶች በአዲስ አበባ የተደረገ ንግግር ጽሑፍ)

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜያችሁን ሰውታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ኢሜይል ነው። የጻፈው እዚሁ አዲስ አበባ የሚኖር ሲቪል ኢንጂነር ነው። የጻፈው ደግሞ እኔ ለምሠራበት፣ እንግሊዝ አገር ላለ የመንገድ ሥራ ተቋራጭ ነው። ድርጅቱ የሥራ ማስታወቂያ አላወጣም ነበር። ልጁንም ማንም ና አላለውም። ኢሜይሉን እንዳነብላችሁ ፈቅዶልኛል። ስሙን ግን አልጠራም፤ የድርጅቱንም እንደዚያው።

እኔ በዚያ ድርጅት የምሠራው ጨረታ ክፍል ውስጥ ነው። ዋጋ እናወጣለን፣ የሥራ መርሐ ግብር እናዘጋጃለን፣ ሰነድ እናስገባለን። ስለዚህ አንድ ሥራ ገና ወረቀት ላይ እያለ አየዋለሁ። የሰው ፍላጎቱም ከየት እንደሚጀምር አያለሁ። ልነግራችሁ የምፈልገው ዋና ነገር እሱን ነው።

በጨረታ ሰነዳችን ውስጥ የሠራተኛ አደረጃጀት የሚያሳይ አንድ ገጽ አለ። ሳጥኖች በመስመር ተያይዘዋል። ከላይ የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጁ ስም አለ፣ ከሥሩ የሳይት ኃላፊው። አሠሪው የሚመዝናቸው እነዚህን ስለሆነ የሰዎቹ የሥራ ታሪክ ጭምር ተያይዟል። ከዚያ በታች ያሉት ሳጥኖች ግን ስም የላቸውም። የአፈር ሥራ ኢንጂነር፣ የድሬኔጅ ኢንጂነር፣ የጥራት ኢንጂነር ይላሉ፤ ከጎናቸው የተጻፈው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «ይሰየማል»።

ማስታወቂያ ያልወጣለት ሥራ ማለት ያ ሳጥን ነው። ጨረታውን ካላሸነፍን ሳጥኑ ከወረቀቱ ጋር ይጣላል። ካሸነፍን ግን በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሰው ሊገባበት ይገባል። ተቋራጭ ሥራ የሌለው ኢንጂነር ደሞዝ እየከፈለ አያስቀምጥም። ሰው የሚፈለገው ሥራው ሲያዝ ነው።

ሳጥኑ እንዴት እንደሚሞላ ደግሞ ልንገራችሁ። ሥራው ከተያዘ በኋላ አንድ ስብሰባ ይጠራል። መጀመሪያ የሚጠየቀው «ከራሳችን ሰው ማን ይለቀቃል?» የሚል ነው። ሊያልቅ የደረሰ ፕሮጀክት ካለ ከዚያ ይመጣል። ቀጥሎ የሚጠየቀው «ማንን ታውቃላችሁ?» ነው። እዚህ ላይ የቀድሞ ባልደረባ፣ ባለፈው ዓመት ያነጋገርነው ሰው፣ አንዱ ኢሜይሉ ውስጥ ያስቀመጠው ሲቪ ይነሳል። ካልተገኘ ለሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ ይደወላል። ኤጀንሲው ከተቀጣሪው የዓመት ደሞዝ ላይ የተወሰነ መቶኛ ያስከፍላል፤ ስለዚህ አለቆች ሲችሉ ያንን መዝለል ይወዳሉ። ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ የሚወጣው መጨረሻ ላይ ነው። ያኔም ቢሆን አንዳንዱ ቦታ ሰው ታይቶለታል።

እንግዲህ ሳይጠሩ የሚጻፍ ኢሜይል የሚገባው በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው። «ማንን ታውቃላችሁ?» ሲባል አንዱ ሰው «ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ጽፎልኝ ነበር» እንዲል ማድረግ ነው ሥራው። ከዚያ ሦስት ወር ቀደም ብሎ ከደረሰ ይረሳል። አንድ ወር ዘግይቶ ከደረሰም ሳጥኑ ሞልቷል።

ታዲያ አዲስ አበባ የተቀመጠ ሰው ጊዜውን በምን ያውቃል? ይኼ ምስጢር አይደለም። በእንግሊዝ የመንግሥት ግዥ Find a Tender የሚባል ድረ ገጽ ላይ ይወጣል። ማንም ሰው፣ ከየትም አገር፣ ያለ ክፍያ ያነበዋል። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 24 ቀን 2025 ጀምሮ የሚሠራው የግዥ ሕግ በዚያ ላይ ብዙ ማስታወቂያ እንዲወጣ ያስገድዳል። አሸናፊው ሲለይ የአሸናፊ ማስታወቂያ ይወጣል። ከዚያ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ 8 የሥራ ቀን ይጠበቃል፤ የተሸነፈ ወገን ቅሬታ ካለው የሚያቀርብበት ጊዜ ነው። ውሉ ከተፈረመ በኋላ ደግሞ የውሉን ዝርዝር የሚገልጽ ሌላ ማስታወቂያ ይወጣል።

እኔ ብትጠይቁኝ መጻፊያው ጊዜ ከዚህ ከሁለተኛው ማስታወቂያ ጀምሮ ያሉት ሁለትና ሦስት ሳምንታት ናቸው። በስምንቱ ቀን ውስጥ ድርጅቱ ገና ትንፋሹን ይዞ ነው የሚጠብቀው። ከፊርማ በኋላ ግን ያ ስብሰባ ይጠራል።

አሁን ወደ ልጁ ልምጣ።

የመጀመሪያው ኢሜይሉ የደረሰው በድርጅቱ አጠቃላይ አድራሻ ነው፤ ስልክ የምታነሳው ልጅ የምታየው አድራሻ። ከኢትዮጵያ ስለሆነ «ያንተ አገር ሰው ነው» ብላ ለእኔ አስተላለፈችልኝ። ከፈትኩት። «ክቡራን ሆይ» ይላል። ትጉህ መሆኑን፣ በቡድን መሥራት እንደሚወድ፣ ጫና እንደሚችል ይናገራል። «በማንኛውም ክፍት የሥራ ቦታ ላይ፣ ማንኛውንም ሥራ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ» ይላል። ተቀባዮቹ ላይ ደግሞ ከእኛ ሌላ ሠላሳ ምናምን ድርጅቶች ተዘርዝረዋል። አንዳንዶቹ ተፎካካሪዎቻችን ናቸው። ዘጠኝ ፋይል ተያይዟል። ዲግሪ፣ ቴምፖራሪ፣ ትራንስክሪፕት፣ ማኅተም ያረፈበት «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል የሥራ ልምድ ደብዳቤ፣ የቀበሌ መታወቂያ ሳይቀር ስካን ተደርጎ አለ።

እዚህ አገር እነዚህ ወረቀቶች ምን ያህል ዋጋ እንዳላቸው አውቃለሁ። እኔም ያሳደገኝ ያ ማኅተም ነው። ግን ያን ቀን የእኛ ቤት ሰው ከዚያ ኢሜይል ማወቅ የሚፈልገውን አንድ ነገር ሊያገኝ አልቻለም። ይህ ሰው ምን ሠርቷል? ዘጠኙንም ፋይል ስከፍት ሥራው በአንድ መስመር ነው የተጻፈው፦ «በመንገድ ፕሮጀክት ላይ በኦፊስ ኢንጂነርነትና በሳይት ኢንጂነርነት አገልግሏል»። አምስት ዓመት ሙሉ ኮትቻ አፈር ላይ ሲሠራ የቆየ ልጅ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ፣ በግሌ ስጽፍለት ነው።

መልስ ጻፍኩለት። ስለ ድርጅቱ የውስጥ ነገር አልነገርኩትም፤ ትክክልም አይሆንም። ስሜን እንዳይጠቅስም አስጠንቅቄዋለሁ። የነገርኩት አሁን ለእናንተ የምነግራችሁን ነው፤ ሁሉም ለሕዝብ የተከፈተ መረጃ ነው።

መጀመሪያ የነገርኩት «ማንኛውንም ሥራ እሠራለሁ» የሚለውን እንዲያወጣው ነው። በእኛ ባህል ትሕትና ነው፣ አውቃለሁ። ለእንግሊዝ ቀጣሪ ግን ችግር ይፈጥራል፤ ምክንያቱም የቪዛ ሕጉ ትሕትናን አያውቅም። ከውጭ ሰው ለማምጣት ድርጅቱ በመንግሥት የተመዘገበ ስፖንሰር መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 22 ቀን 2025 ወዲህ ደግሞ ለአዲስ መጪ ስፖንሰር የሚደረገው በአብዛኛው የዲግሪ ደረጃ ያለው ሥራ ነው። ሲቪል ኢንጂነር ውስጡ አለ። «የጉልበት ሥራም ቢሆን ልሥራ» ብላችሁ ዝቅ ስትሉ ግን ራሳችሁን ከሕጉ ውጭ ታደርጋላችሁ። ደሞዙም ወለል አለው። መደበኛው በዓመት 41,700 ፓውንድ ነው፤ ለሙያው የተመደበው ተመን ከዚያ ከበለጠ ደግሞ እሱ ነው የሚያዘው። «በትንሽ ደሞዝ እሠራለሁ» ማለትም አይጠቅምም ማለት ነው፤ ቀጣሪው ቢፈልግም ከወለሉ በታች መክፈል አይችልም። ለጀማሪዎችና ወደ ቻርተርድ መሐንዲስነት ለሚሠሩ ዝቅ ያለ ወለል አለ፣ የተወሰነ ዓመት ብቻ። ይህንን ማወቅ ይጠቅማል።

ሁለተኛ የነገርኩት የሚጽፍላቸውን ድርጅቶች እንዲያጣራ ነው። የተመዘገቡ ስፖንሰሮች ዝርዝር የእንግሊዝ መንግሥት ድረ ገጽ ላይ አለ። በሠንጠረዥ መልክ ይወርዳል፤ የድርጅቱን ስም፣ ከተማውንና የተፈቀደለትን የቪዛ ዓይነት ይናገራል። ከሠላሳ ምናምኑ ድርጅቶች ውስጥ ልጁ ፈልጎ ያገኘው ሰባቱን ብቻ ነው። ሌሎቹ ኢሜይሉን ቢወዱትም ወዲያው ሊያመጡት አይችሉም ነበር። ስፖንሰርነት አመልክቶ ማግኘት ይቻላል፣ ግን ላላዩት አንድ ሰው ብሎ ያንን የሚጀምር ተቋራጭ እኔ አላየሁም። እነዚያን ሰባቱን ይዞ Find a Tender ላይ ማን ምን እንዳሸነፈ ማየት ጀመረ። ሰባት ስም መከታተል አይከብድም። ሳምንት አንድ ቀን፣ ግማሽ ሰዓት።

ሦስተኛው የሥራ መጠሪያ ነገር ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነውና። እኛ ዘንድ ኦፊስ ኢንጂነር ማለት ትልቅ ሥራ ነው። መጠን ያወጣል፣ የክፍያ ሰርተፍኬት ያዘጋጃል፣ የዋጋ ማስተካከያ ያሰላል፣ ክሌም ይጽፋል። እንግሊዝ አገር ግን ይህ መጠሪያ እንዲህ ሆኖ የለም። ያንን ሥራ በአብዛኛው የሚሠራው ኳንቲቲ ሰርቬየር ነው። የእኛ አለቃ «ኦፊስ ኢንጂነር» ሲያነብ ቢሮ ውስጥ ወረቀት የሚያስተካክል ሰው ነው የሚታየው። ሳይት ኢንጂነር ሲሉ ደግሞ በመጀመሪያ የሚያስቡት በቶታል ስቴሽን ልኬት የሚያወጣ፣ ደረጃ የሚያስይዝ፣ የጥራት መዝገብ የሚይዝ ሰው ነው። እኛ ዘንድ ያንን ብዙ ጊዜ ሰርቬየሩ ይሠራል። ስለዚህ መጠሪያውን ብቻ መጻፍ ያሳስታል። የሠራችሁትን ሥራ በግሥ ጻፉት፦ ለካሁ፣ አስጠቀጠቅሁ፣ ክፍያ አዘጋጀሁ። ከስም በፊት «ኢንጂነር» የሚለውን ማዕረግም ተዉት። እዚያ አገር በፊርማ ላይ እንዲህ አይጻፍም። ደግሞም በእንግሊዝ ኢንጂነር የሚለው ቃል በሕግ የተጠበቀ አይደለም፤ የተጠበቀው ቻርተርድ የሚለው ነው። ካናዳ ብትጽፉ ተቃራኒው ነው፤ እዚያ ፈቃድ ሳይኖር ራስን ኢንጂነር ብሎ መጥራት ያስጠይቃል።

ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ከሰባቱ አንዱ ሥራ አሸነፈ። እኛው ነን። አንዲት አነስተኛ ከተማን ዙሪያዋን የሚያልፍ መንገድ ነው፣ ሰባት ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ አብዛኛው የሚያልፈው በሸክላ አፈር ላይ ነው። ልጁ ሁለተኛውን ኢሜይል ጻፈ። ለእኔ አይደለም። የድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ ስሙ ካለው የኮንትራት ሥራ አስኪያጅ ዘንድ፣ ለእሱ ብቻ። እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ መልሼ እንዲህ ይላል። ርዕሱ፦ «የአፈር ሥራ ኢንጂነር፣ 5 ዓመት መንገድ፣ ስለ ማለፊያ መንገዱ»።

«ጤና ይስጥልኝ። የማለፊያ መንገዱን ውል እንደፈረማችሁ ከግዥ ማስታወቂያው አየሁ። መንገዱ በሸክላ ላይ እንደሚያልፍም አነበብኩ። ምናልባት የአፈር ሥራ ኢንጂነር ገና ካልመደባችሁ ብዬ ነው የምጽፈው።

ላለፉት 5 ዓመታት በኢትዮጵያ የ58 ኪሎ ሜትር አስፋልት መንገድ ሥራ ላይ ነኝ። ከዚህ 11 ኪሎ ሜትሩ የሚያብጥና የሚሰነጠቅ ጥቁር ሸክላ ላይ ነው። በ12 ሜትር ስፋት አንድ ሜትር ጥልቀት ቆፍረን አውጥተን በተመረጠ አፈር ተካነው፤ ወደ 130 ሺህ ሜትር ኩብ። የቁፋሮው፣ የሙሌቱና የጥቅጠቃው ዕለታዊ ኃላፊ እኔ ነበርኩ። መጀመሪያ ላይ ከአምስት የጥቅጠቃ ምርመራ አንዱ ይወድቅብን ነበር። ምክንያቱ ውኃ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ያጠጣነው ሳይጠቀጠቅ ይደርቃል። ማጠጣቱን ወደ ሌሊት፣ በግሬደር ማደባለቁን ወደ ንጋት ቀየርን። ከዚያ በኋላ የሚወድቀው ከአሥራ ሁለት አንድ ሆነ።

የእናንተ ችግር የዚህ ተቃራኒ፣ የበዛ እርጥበት እንደሚሆን እገምታለሁ። እናንተ የምትጠቀሙበትን የኤም ሲ ቪ ምርመራ በእጄ ሠርቼ አላውቅም፤ አሠራሩን አንብቤያለሁ።

የእንግሊዝ የሥራ ፈቃድ የለኝም፣ ስፖንሰር ያስፈልገኛል። ድርጅታችሁ በስፖንሰሮች ዝርዝር ላይ እንዳለ አይቻለሁ። ለአሁኑ ቀጣሪዬ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ መስጠት አለብኝ። ሁለት ገጽ ሲቪ አያይዣለሁ። ሐሙስ ወይም ዓርብ፣ በእናንተ ሰዓት ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ለሩብ ሰዓት ብንነጋገር ደስ ይለኛል።»

በቃ፤ ይኸው ነው። እንግሊዝኛው ከስልክ ስክሪን ሁለት ገጽ አይበልጥም።

የኮንትራት ሥራ አስኪያጁ ይህን ሲያነብ አጠገቡ ነበርኩ፤ ሌላ ጉዳይ ይዤ ነው የገባሁት። ያደረገውን ልንገራችሁ። ካልኩሌተሩን ሳበ። አሥራ አንድ ሺህ ሜትር በአሥራ ሁለት፣ በአንድ። 132 ሺህ። ወደ ስክሪኑ ተመለከተ፤ «ወደ 130 ሺህ» ይላል። ካልኩሌተሩን አስቀመጠና ማንበቡን ቀጠለ። ቁጥር የሚጻፈው ለዚህ ነው። አንባቢው መሐንዲስ ነው፣ ያባዛዋል። ልኬቱና መጠኑ ካልተገናኙ እዚያው ላይ ያቆማል። ደግሞ ከሲቪ ላይ የተገኘ «ከፍተኛ መጠን ያለው የአፈር ሥራ» የሚል ዓረፍተ ነገር የሚባዛ ነገር የለውም።

ሁለተኛ ጊዜ የቆመው «በእጄ ሠርቼ አላውቅም» ከሚለው ላይ ነው። ኤም ሲ ቪ አፈሩ ለመጠቅጠቅ ምን ያህል እንደረጠበ ሳይት ላይ በደቂቃዎች የሚናገር ምርመራ ነው። ዝናባም አገር ስለሆነ እንግሊዞች ይወዱታል። ልጁ አውቀዋለሁ ቢል ኖሮ በስልክ ሁለት ጥያቄ ይበቃው ነበር ለመጋለጥ። አላውቅም ማለቱ ግን አውቃለሁ ያለው ነገር እንዲታመን አደረገለት። ችግሩ ምን እንደሚሆን ደግሞ ራሱ ቀድሞ ተናግሯል፤ እኛ ዘንድ ድርቀት፣ እነሱ ዘንድ እርጥበት። ይህንን ለመጻፍ ስለ እነሱ ሥራ ማሰብ ያስፈልጋል።

የቪዛውን ነገር በግልጽ መጻፉም ልክ ነበር። ብዙዎቻችሁ መጨረሻ ላይ፣ ከወደዱኝ በኋላ እናገራለሁ ትላላችሁ። ይገባኛል። ነገር ግን ቀጣሪው ከአዲስ አበባ የተጻፈ ኢሜይል ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው እሱን ነው። መልሱ ከሌለ ራሱ ሄዶ አያጣራም፣ ይዘጋዋል።

ስልኩ ተደወለ። እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ነገር ልጥቀስ። በእናንተ ሰዓት ከቀኑ 8 ሰዓት ብዬ የተረጎምኩት እንግሊዝኛው ላይ ከሰዓት በኋላ ሁለት የሚለው ነው። በበጋቸው ከእኛ ሁለት ሰዓት ወደኋላ ናቸው። ስለዚህ አዲስ አበባ አሥር ሰዓት ነው ማለት ነው። ልጁ በእነሱ ሰዓት መጻፉ ጥሩ ነበር። የእኛን ሰዓት አቆጣጠር ሳያስቡ የሚጽፉ ሰዎች ስድስት ሰዓት ይሳሳታሉ፤ በክረምታቸው ደግሞ ልዩነቱ ሦስት ሰዓት ይሆናል። ቀጠሮ ያለፈው ኢንጂነር መርሐ ግብር ይጠብቃል ብሎ የሚያምን የለም።

ሥራ አስኪያጁ የጠየቀውን በኋላ ነግሮኛል። «ሸክላ ላይ ኖራ ልትቀላቅል ነው እንበል። በፊት ምን ታስመረምራለህ?» እርጥብ ሸክላን በኖራ ማድረቅና ማጠንከር እነሱ ዘንድ የተለመደ ነው። ልጁ «ሰልፌት» አለ። ለምን ሲባልም አስረዳ። አፈሩ ውስጥ ሰልፌት ካለ ከኖራውና ከውኃው ጋር ተዋሕዶ የሚያብጥ ማዕድን ይፈጥራል፤ መንገዱን ከሥር ያነሳዋል። እንግሊዞች ይህንን በዋጋ ነው የተማሩት። ባንበሪ አካባቢ ኤም 40 የተባለው አውራ ጎዳና ሲሠራ እንዲሁ ሆኖባቸዋል፤ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፣ ግን የአፈር ሰዎች እስካሁን ያነሱታል። ልጁ ኢሜይሉን ከላከ በኋላ ስልክ ቢደወል ምን እንደሚጠየቅ አስቦ ያነበበው ነገር ነው። ሸክላ፣ እርጥበት፣ ኖራ። ከራሱ ኢሜይል የሚወጡት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

ስለ ውልም ጠይቆታል። እኛ የለመድነው ፊዲክ ነው፤ በ1999ኙ ቀይ መጽሐፍ የክሌም ማሳወቂያ በ28 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። እነሱ የሚጠቀሙበት በአብዛኛው ኤን ኢ ሲ የሚባለውን ነው፤ እዚያ ተቋራጩ ያለው ስምንት ሳምንት ነው። ልጁ ስምንት ሳምንቱን ያውቅ ነበር። ስለ ቀሪው «አላነበብኩትም» ብሏል።

አሁን ውጤቱን ልንገራችሁ። አልተቀጠረም። ያ የማለፊያ መንገድ ሳጥን የተሞላው ከራሳችን ሰው ነው፤ ሌላ ፕሮጀክት ዘግይቶ አንዱ ኢንጂነር ነፃ ሆነ። ይህንን የማልደብቃችሁ እውነቱ ይህ ስለሆነ ነው። ለአብዛኛው እንዲህ ያለ ኢሜይል መልሱ ዝምታ ነው፤ ጥሩ ለሆነው መልሱ ብዙ ጊዜ «አሁን አይደለም» ነው። ሥራ አስኪያጁ ሁለት መስመር ጽፎለታል፦ ቦታው ተይዟል፣ ሲቪህን አስቀምጫለሁ።

ይህን «አስቀምጫለሁ» የሚለውን ብዙ ሰው እንደ ማሰናበቻ ይቆጥረዋል። አንዳንዴ ነው። ልጁ ግን በየሳምንቱ «እንዴት ሆነ?» እያለ አልጻፈም። አራት ወር ቆየ። ከዚያ ድርጅቱ ሌላ ውል ሲፈርም በዚያው ኢሜይል ሥር መልስ አድርጎ አምስት መስመር ጻፈ። አዲሱን ሥራ ጠቀሰ። በመሃል የሠራውን አንድ ነገር ጨመረ፤ የዲግሪውን ደረጃና ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሰጠቱን ኤክቲስ በሚባለው የእንግሊዝ ተቋም አስመርምሮ ወረቀቱን ይዟል። ይህ ለቪዛው የቋንቋ ማስረጃ ይሆናል፤ ለቀጣሪው ደግሞ አንድ ጣጣ ቀነሰለት ማለት ነው። የድሮው ወሬ ከሥሩ ስላለ ሥራ አስኪያጁ ማን እንደሆነ ለማስታወስ አልደከመም።

ስብሰባው ላይ «ማንን ታውቃላችሁ?» ሲባል «ያ የሰልፌቱ ልጅ» ያለው ራሱ ነው።

ከመጨረሴ በፊት ስለ ገንዘብ አንድ ነገር። ልጁ በዚያው መሃል ሌላ መልስ ደርሶት ነበር፤ ከሌላ ድርጅት ነኝ ከሚል ሰው። ስፖንሰር እንሆንሃለን፣ የሰርተፍኬቱን ወጪ ቀድመህ ላክ ይላል። አስተላለፈልኝ፤ ላከው ብዬው ቢሆን ኖሮ አልተኛም ነበር። በእንግሊዝ ሕግ ቀጣሪው የስፖንሰርነት ሰርተፍኬቱን ክፍያ በሠራተኛው ላይ መጫን አይችልም። በሠራተኛው የቆይታ ዓመት ልክ ተሰልቶ የሚከፍለው የክህሎት ክፍያም የራሱ ነው። የቪዛ ማመልከቻውንና የጤና ክፍያውን ሠራተኛው ሊከፍል ይችላል፤ ያም ቢሆን የሚከፈለው ለመንግሥት፣ በመንግሥት ድረ ገጽ ነው። ለግለሰብ አይላክም። የድርጅቱ ስም እውነተኛ ስለሆነ ብቻም አትመኑ፤ ስሙ ከዝርዝሩ ላይ የተቀዳ ሊሆን ይችላል። የላኪውን የኢሜይል አድራሻ ከድርጅቱ ድረ ገጽ ጋር አስተያዩ። ከዚያ ድረ ገጹ ላይ ባለው ስልክ ደውላችሁ ሰውየው እዚያ መሥራቱን ጠይቁ። በኢሜይሉ ላይ ባለው ስልክ አይደለም። ልጁ ደወለ። እንዲህ የሚባል ሰው የለንም አሉት።

የእኛ ቤት ነገር ከዚያ በኋላ ፈጠነ። ሁለተኛ ቃለ መጠይቅ በቪዲዮ ተደረገ፣ የአሁኑ አለቃው በስልክ ተጠየቀ፣ ሰርተፍኬቱ ወጣ። እዚሁ አዲስ አበባ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራውን አደረገ፤ ከኢትዮጵያ ለሚሄድና ከስድስት ወር በላይ ለሚቆይ ግዴታ ነው። ለቀጣሪው የአንድ ወር ማስጠንቀቂያውን ሰጠ።

አሁን ሳይት ላይ ነው። ባለፈው ወር ልጠይቀው ሄጄ ነበር። እየዘነበ ነው፣ ቡትስ ጫማው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሷል። ከአንዱ ክምር ሥር ሸክላ ቆንጥሮ በጣቱ እያድቦለቦለ አገኘሁት። «ከኮትቻ ይሻላል፣» አለኝ፣ «ግን ይኼም ይጣበቃል።» ከዚያ ኤም ሲ ቪ ማሽኑ ወዳለበት ኮንቴይነር ይዞኝ ገባ።

ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ። አሁን የጻፋችሁትን ኢሜይል በስልካችሁ ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ ደግሞ ቡና ላይ አብረን እናየዋለን።